የተጫነበት ጫፍ ወደ ላይ ሲነሳ፦ ኦቨርሃንግ ቢም በሞመንት ኤሪያ

ሚዛን · ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የሲቪል ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሐሙስ ፈተና አለብኝ፤ አንድ ጥያቄ ላይ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ቢሙ ይሄ ነው፦

```
   w = 10 kN/m
  ↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓↓      ↓ P = 15 kN
  A---------------B------C
  △               ○
        6 m         2 m
```

A ፒን ነው፣ B ሮለር። ከ B ወጥቶ C ላይ የሚያልቀው 2 ሜትር ነፃ ነው። የተዘረጋው ጭነት ያለው A እና B መሀል ብቻ ነው። EI በሙሉ ርዝመቱ አንድ ነው። የተጠየቀው የ B ስሎፕና የ C ዲፍሌክሽን ነው፣ በሞመንት ኤሪያ።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። BCን ለብቻው እንደ ካንቲሊቨር ወሰድኩት። ሞመንቱ ትሪያንግል ነው፤ B ላይ 30፣ C ላይ ዜሮ። ስፋቱ 30 ሆነ። ሴንትሮይዱ ከ C 1.33 ሜትር ይርቃል። ሲባዛ 40። ስለዚህ C በ 40/EI ይወርዳል አልኩ።

ጓደኛዬ በኮምፒውተር ስትሠራው ግን 20/EI አገኘች። ያውም ወደ ላይ! 15 ኪሎኒውተን የተጫነበት ጫፍ እንዴት ነው ወደ ላይ የሚነሳው? የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ የሚያሳየኝ ካለ በጣም ነው የማመሰግነው።

---

ናቲ_ስትራክቸር · ማክሰኞ ማታ 2:58

ሰላም እህቴ። ስህተትሽ ግልጽ ነው። B የታሰረ አይደለም፤ ሮለር ነው። ስለዚህ ቢሙ B ላይ ይዞራል። ካንቲሊቨር ብለሽ ስትሠሪ B አይዞርም ብለሽ ነው የተነሳሽው። የዙረቱ ድርሻ ሲጨመር ፎርሙላው ይሄ ነው፦

```
y_C = P·a²·(L + a) / (3EI)
    = 15 · 4 · 8 / (3EI) = 160/EI
```

መልሱ 160/EI ወደ ታች ነው። የጓደኛሽ ኮምፒውተር ላይ ምልክቱ ተገልብጦ ወይም ዳታ ሲገባ ስህተት ተፈጥሮ ይሆናል። ጫፉ ላይ የተጫነ ነገር ጫፉን ወደ ታች ነው የሚወስደው።

---

አዋሽ7 · ማክሰኞ ማታ 3:05

ሚዛን፣ የቢሙን ወርድና ቁመት አልጻፍሽም እኮ። ሞመንት ኤሪያ ለሬክታንግል `b·h³/12` ነው። ወርዱና ቁመቱ ካልታወቀ ማንም ሊሠራልሽ አይችልም። ቲ ቅርጽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሴንትሮይዱን ፈልጊ።

---

ሚዛን · ማክሰኞ ማታ 3:11

@አዋሽ7 አመሰግናለሁ፤ ግን እሱ I ነው መሰለኝ። እዚህ EI እንዳለ ይቀመጥ ተብሏል።

@ናቲ_ስትራክቸር ስለ ዙረቱ ገባኝ፤ ያ እንደጎደለኝ አሁን አየሁ። ግን ፎርሙላህ ውስጥ 10 ኪሎኒውተን በሜትሩ የለም። እሱ የት ገባ?

---

ጋሽ ምሶሶ · ማክሰኞ ማታ 4:20

ልጄ፣ ያልሽው ትክክል ነው። መሀል ያለው ጭነት የት ገባ የሚለው ጥያቄሽ ላይ ነው መልሱ ያለው። ናቲ ዙረቱን ማንሳቱ ጥሩ ነው። B የዞረው ግን በአንዱ ጭነት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጭነቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እያዞሩት ነው። የጓደኛሽ መልስ ትክክል ነው። ቀስ ብለን እንሂድበት።

መጀመሪያ ሞመንቱን አንድ ላይ አትሳዪው። አንድ ላይ ሲሳል ከ A ተነስቶ ይወጣል፣ 5 ሜትር ላይ ዜሮን ይቆርጣል፣ ከዚያ B ላይ ወደ 30 ኔጌቲቭ ይወርዳል። የዚያን ቅርጽ ስፋትና ሴንትሮይድ ማውጣት ያደክማል። እያንዳንዱ ጭነት ብቻውን ቢሆን የሚሰጠውን ሞመንት ለየብቻ ሳዪው፤ ሦስት ቀላል ቅርጾች ብቻ ይቀሩሻል።

የተዘረጋው ጭነት ብቻውን A እና B መሀል ጉብ ያለ ፓራቦላ ይሰጣል። ከፍታው 10 በ 36 ሲካፈል ለ 8፣ ማለትም 45 ነው። ስፋቱ የርዝመትና የከፍታ ብዜት ሁለት ሦስተኛ ነው፦ 180። ሴንትሮይዱ መሀል፣ ከ A 3 ሜትር ላይ ነው። BC ላይ ይሄ ጭነት ምንም ሞመንት የለውም።

የጫፉ 15 ብቻውን ደግሞ B ላይ 30 ኔጌቲቭ ይሰጣል። ከዚያ በሁለቱም በኩል ቀጥ ባለ መስመር ወደ ዜሮ ይሄዳል። A እና B መሀል ያለው ትሪያንግል ስፋቱ 90 ኔጌቲቭ ነው። ሴንትሮይዱ ወፍራሙን ጎን ይጠጋል፤ ከ A 4 ሜትር ላይ ነው። B እና C መሀል ያለው አንቺ ያገኘሽው ነው፤ 30 ኔጌቲቭ፣ ከ C 1.33 ሜትር።

አሁን ቁልፉ የት ነው? B ላይ ቢሙን የሚነካ ቀጥ ያለ መስመር አስቢ። ታንጀንቱን ማለቴ ነው። ያ መስመር ወደ A በኩልም ወደ C በኩልም ይዘረጋል። B ላይ ቢሙ አልተሰበረም፣ አልተቆረጠም። ስለዚህ ከግራም ከቀኝም አንድ ታንጀንት ነው ያለው። A በኩል ያለው ቁጥር ታንጀንቱ ምን ያህል እንደተዘነበለ ይነግርሻል፤ ያው ዝንባሌ C በኩል ጫፉን ይወስደዋል።

A ላይ ቆመሽ ቢሙ ከዚያ ታንጀንት ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ፣ እያንዳንዱን ስፋት ከ A ባለው ርቀት አባዢ፦

```
t_A/B · EI = 180·3 + (−90)·4
           = 540 − 360 = +180
```

ፖዘቲቭ ከሆነ ነጥቡ ከታንጀንቱ በላይ ነው ማለት ነው። A ደግሞ ሳፖርት ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ወደ ታች የሄደው ታንጀንቱ ነው፤ በ A ትይዩ ከ A በ 180/EI ዝቅ ብሎ ያልፋል። 6 ሜትር ሄዶ B ላይ ዜሮ ይደርሳል። ወደ ቀኝ ሲሄድ እየወጣ ነው ማለት ነው፦

```
θ_B = 180 / 6 = +30/EI
```

እሱ መስመር ከ B በኋላ ሌላ 2 ሜትር ሲቀጥል C ላይ በ 60/EI ከፍ ይላል። አሁን ያንቺ 40 ይገባል። እሱ ትክክል ነው፤ ግን የ C ዲፍሌክሽን አይደለም። C ከታንጀንቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ነው የሚነግርሽ።

```
y_C = 30·2 − 40 = +20/EI
```

ጫፉ ወደ ላይ 20/EI ተነስቷል። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም።

---

ናቲ_ስትራክቸር · ማክሰኞ ማታ 4:41

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እኔ የጫፉን ጭነት ብቻ ነው የወሰድኩት። መሀሉን ለብቻ ሠራሁት፤ B ላይ `w·L³/24` 90/EI ይሰጣል፣ ሲባዛ በ 2፣ 180/EI ወደ ላይ። ከእኔ 160 ጋር ሲደመር 20 ወደ ላይ። ይስማማል።

ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ጫፉ ላይ የተጫነ ነገር ጫፉን ወደ ታች ይወስዳል ማለቴ ስህተት ነው?

---

ጋሽ ምሶሶ · ማክሰኞ ማታ 4:55

እሱ ስህተት አይደለም ናቲ። የጫፉ ጭነት ያመጣው ለውጥ ወደ ታች ነው፤ 160/EI። እሱ ባይኖር ጫፉ 180/EI ይነሳ ነበር፤ 15ቱ ሲጨመር ወደ 20 መለሰው። ስህተቱ ያለው ጠቅላላ መልሱ ወደ ታች መሆን አለበት ብሎ መደምደም ላይ ነው።

ሚዛን፣ ካላመንሽ ገዥ አምጪ። ረዘም ያለ የፕላስቲክ ማስመሪያ። ሁለት እርሳስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ማስመሪያውን በላያቸው ጣይው። አንደኛው እርሳስ ከጫፉ ስር ይሁን፤ ሁለተኛው ወደ ሌላው ጫፍ ሳይደርስ። አሁን መሀሉን በጣትሽ ተጫኚው።

---

ሚዛን · ማክሰኞ ማታ 5:08

ጋሼ ሠራሁት! ጫፉ ብድግ አለ። ጫፉ ላይ ላጲስ አስቀምጬ ደግሜ መሀሉን ስጫነው ላጲሱን ይዞት ተነሳ። ሁለት ቀን የተጨነቅኩበት ነገር በአንድ ማስመሪያ ታየ።

አሁን የማይገባኝ አንድ ቦታ ብቻ አለ። A ላይ ያለውን ርቀት ስንፈልግ ለምን ከ A እንለካለን? እኔ በመጀመሪያ ከ B ለካሁት። ለፓራቦላው ምንም ለውጥ የለውም፣ መሀል ስለሆነ። ለትሪያንግሉ ግን ከ B 2 ሜትር ነው፤ 180 ኔጌቲቭ ይሆናል እንጂ 360 አይሆንም። ከዚያ B ላይ 60/EI ስሎፕ አገኘሁ፣ ጫፉ ደግሞ 80 ላይ ወጣ።

---

ጋሽ ምሶሶ · ረቡዕ ጠዋት 1:15

በየፈተናው የማየው ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ አንድም ክፍል ያለዚህ ስህተት አልፎ አያውቅም። ስለዚህ ከደንቡ ይልቅ ምክንያቱን ያዢ።

A እና B መሀል ያለውን ቢም በትንንሽ ቁራጭ አስቢው። እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ሞመንት ትንሽ ይጎብጣል። B ላይ ቆመሽ ታንጀንቱን ይዘሽ ወደ A ስትሄጂ፣ B አጠገብ ያለ ቁራጭ ትንሽ ሲታጠፍ ከዚያ ወደ A ያለው ሙሉው ቢም አብሮት ይዞራል። እንደ በር ነው። ማጠፊያው ላይ ትንሽ ሲዞር ጫፉ ብዙ ይሄዳል። ስለዚህ B አጠገብ ያለ ቁራጭ A ላይ ከፍተኛ ውጤት አለው፤ ከ A የራቀ ነውና። A አጠገብ ያለ ቁራጭ ግን ምንም ያህል ቢታጠፍ A ላይ ብዙ አያመጣም። ርቀቱ የሚለካው እንግዲህ ርቀቱን ከምናይበት ነጥብ ነው። ታንጀንቱ ከተሳለበት ነጥብ አይደለም።

ከ B ለክተሽ ያገኘሽው ቁጥርም ባዶ አይደለም። እሱ የሚነግርሽ A ላይ ታንጀንት ቢሳል B ከእሱ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ለትሪያንግሉ 180 ኔጌቲቭ ነው። ለ 6 ሲካፈል የ A ስሎፕ ይወጣል። ሌላ ጥያቄ መለስሽ ማለት ነው።

ሁለቱን መልሶች ለመፈተን አንድ ዘዴ ልስጥሽ። በ A ታንጀንት ሙሉውን እንደገና ሥሪው። የ A ስሎፕ በጭነቶቹ ድምር 60/EI ወደ ታች ነው። 8 ሜትር ሄዶ C ላይ 480 ዝቅ ይላል። አሁን ሦስቱንም ስፋቶች ከ C ለኪ። ፓራቦላው ከ C 5 ሜትር ነው፣ ትልቁ ትሪያንግል 4 ሜትር፣ ትንሹ 1.33።

```
180·5 − 90·4 − 30·1.333 = 900 − 360 − 40 = 500
y_C = −480 + 500 = +20/EI
```

በሁለት መንገድ አንድ መልስ ከመጣ ሌላ ማረጋገጫ አትፈልጊ። አንዱ ብቻ ከተሳሳተ ብዙ ጊዜ ርቀት ከተሳሳተ ጫፍ መለካቱ ነው። ሌላ ፈጣን ፈተናም አለ፤ የ B ስሎፕ ሲቀነስ የ A ስሎፕ ከ A እስከ B ካለው ጠቅላላ ስፋት ጋር እኩል መሆን አለበት። 30 ሲቀነስ −60፣ 90 ነው። 180 ሲቀነስ 90ም 90 ነው። ገጠመ።

---

የሳይት ሰው · ረቡዕ ረፋድ 4:30

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የሳይት ፎርማን ነኝ፤ ፎርሙላው ውስጥ ብዙ አልገባም። ግን ጉዳዩ የኔን ነገር ይመስላል። አንድ መኖሪያ ቤት ላይ በረንዳ አለን፤ ከክፍሉ ሶሌታ ቀጥሎ ሜትር ከሃምሳ ወደ ውጭ የሚወጣ። ፑንቴሎ ስናነሳ ጫፉ ወደ ሁለት ሴንቲ ያህል ወረደ። ባለቤቱ ተቆጥቷል። የክፍሉ ፑንቴሎ ግን ገና አልተነሳም። እናንተ እንደምትሉት ከሆነ የክፍሉ ሲነሳ በረንዳው ተመልሶ ይነሳል ማለት ነው?

---

ጋሽ ምሶሶ · ረቡዕ ቀን 6:50

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ከጥያቄያችን ጋር ይገናኛል፤ ግን በጥንቃቄ ልመልስልህ። በሐሳብ ደረጃ አዎ። የክፍሉ ሶሌታ ክብደት በፑንቴሎ ላይ እስካለ ድረስ መሀሉ አልተጫነም ማለት ነው። ጫፉን የሚያነሳው ነገር ገና አልመጣም። የክፍሉ ፑንቴሎ ሲነሳ መሀሉ ይወርዳል፣ በረንዳው ትንሽ ይመለሳል።

ያንን ተስፋ አድርገህ ግን አትቀመጥ። ከዚያ በፊት የምትመለከተው አለ። በረንዳ ላይ ፌሮ መሆን ያለበት ከላይ ነው፤ የሚሳበው የላይኛው ጎን ነውና። አርማታ ሲሞላ ሠራተኛ በላዩ ከሄደ ያ ፌሮ ይረገጣል፣ ዝቅ ይላል። በ 15 ሴንቲ ሶሌታ ላይ ሦስት ሴንቲ ዝቅ ማለት ጥንካሬውንም ግትርነቱንም ብዙ ይቀንሳል። በረንዳውና ክፍሉ በሚገናኙበት መስመር በላይ በኩል ስንጥቅ ካለ ያንን ተመልከት። የሆነውን እስክታውቅ ድረስ በረንዳው ላይ ምንም አትጫን፤ ፑንቴሎውንም ጫፉ ስር መልሰህ አስጠጋ። ስትራክቸራል መሐንዲሱ መጥቶ ያየው።

እንደ አሠራር ደግሞ፣ የበረንዳ ፑንቴሎ ሲነሳ ከነፃው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ድጋፉ ነው። አንተ በየትኛው አነሳህ?

---

የሳይት ሰው · ረቡዕ ቀን 7:20

ጋሼ፣ ከጫፉ ነው የጀመርነው፤ እሱን እናውቃለን። ፌሮው ላይ ግን አርማታ የተሞላ ዕለት እኔ አልነበርኩም። ነገ ጠዋት ስንጥቁን አየዋለሁ። ፑንቴሎውን ዛሬ እመልሳለሁ።

---

አዋሽ7 · ረቡዕ ቀን 8:02

ሚዛን፣ ትናንት ጥያቄሽን ሳልረዳ ነበር የመለስኩት። ሞመንት ኤሪያ የሚለውን ከሴክሽኑ I ጋር አንድ አድርጌው ነበር። ስሞቹ ይቀራረባሉ፤ ነገሩ ግን የተለያየ ነው። አንዱ የሞመንት ዲያግራም ስፋት ነው፣ ሌላው የሴክሽኑ ባሕርይ ነው።

ቁጥሩ በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ለማየት ግን I ያስፈልጋል። ሜካኒካል ላይ ነኝ፤ ብረት ላይ ነው የምሠራው። አይፒኢ 240 ቢሆን I 3892 ሴንቲሜትር በአራት ፓወር ነው። E 210 ጊጋፓስካል ከተወሰደ፦

```
EI = 210·10⁶ kN/m² · 3892·10⁻⁸ m⁴ ≈ 8173 kN·m²
y_C = 20/8173 ≈ 0.0024 m
```

2.4 ሚሊሜትር ወደ ላይ። ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል።

---

ጋሽ ምሶሶ · ረቡዕ ቀን 9:10

አዋሽ፣ ይህን ማምጣትህ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን 2.4 ሚሊሜትሩ አይደለም። ከሱ በስተጀርባ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። መሀሉ ብቻ ቢጫን ጫፉ 22 ሚሊሜትር ይነሳል። ጫፉ ብቻ ቢጫን ደግሞ ወደ 20 ሚሊሜትር ይወርዳል። ያገኘነው ትንሽ ቁጥር ሁለት ትልልቅ ነገሮች የተጣፉበት ልዩነት ነው።

ሚዛን፣ ይህንን ነገ ፈተና ላይ አይጠይቁሽም፤ ሥራ ስትጀምሪ ግን ታገኚዋለሽ። መሀል ያለው ጭነት ሁልጊዜ ላይኖር ይችላል። ዕቃ ይነሳል፣ ሰው ይወጣል። ያኔ ጫፉ በ 2.4 ወደ ላይ የነበረው ወደ 20 ሚሊሜትር ወደ ታች ይሄዳል። ሁሉንም ጭነት በአንድ ጊዜ አስገብቶ ሠርቶ ጫፉ አልተንቀሳቀሰም ያለ ሰው አስቸጋሪውን ሁኔታ አላየውም። ስለዚህ ስሎፑን በጭነት በጭነት ለይተሽ ያዢ፤ የትኛው ጭነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ወዲያው ይታይሻል። ሞመንቱን ለየብቻ የምንስለው ለሒሳብ ምቾት ብቻ አይደለም።

---

ናቲ_ስትራክቸር · ረቡዕ ቀን 9:35

አንድ ነገር ልጨምር። መሀል ላይ ያለው ከፍተኛ ዲፍሌክሽንም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። እሱ ቀላል ነው፤ መሀል 3 ሜትር ላይ ነው። የ A ስሎፕ 60/EI ወደ ታች ስለሆነ ታንጀንቱ 180 ይወርዳል፣ ቢሙ ከታንጀንቱ በ 78.75 ከፍ ይላል። 101.25/EI ወደ ታች ይሆናል።

---

ጋሽ ምሶሶ · ረቡዕ ቀን 10:05

ቁጥሩ ትክክል ነው ናቲ። 3 ሜትር ላይ ያለው ዲፍሌክሽን ያ ነው። ከፍተኛው ግን 3 ሜትር ላይ አይደለም። ሁለቱ የዳር ስሎፖች እኩል አይደሉም፤ A ላይ 60፣ B ላይ 30። ስለዚህ ዝቅተኛው ቦታ ስሎፑ ዜሮ የሚሆንበት ነው። ከ A ተነስተሽ የሞመንት ስፋት እያጠራቀምሽ ሂጂ፤ 60 ሲሞላ የ A ዝንባሌ አልቋል ማለት ነው። የ A ሪአክሽን 25 ነው፤ ስለዚህ ከ A በ x ርቀት፦

```
12.5·x² − (5/3)·x³ = 60   →   x ≈ 2.75 m
```

እዚያ ታንጀንቱ አግዳሚ ነው። A ደግሞ ዜሮ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ አግዳሚ መስመር A የራቀበት ቁመት ራሱ ዲፍሌክሽኑ ነው፤ 102.2/EI። እንዴት ያምራል! አንድ ስፋት፣ አንድ ርቀት፣ ሌላ መቀነስ የለም።

ልዩነቱ ከ 101.25 ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። በሥራ ላይ መሀሉን ብትወስድ ማንም አይጠይቅህም። ጫፉ ላይ ብቻ የተጫነ ቢም ላይ ግን ይሄ አይሠራም። ያኔ የመሀሉ ክፍል ወደ ላይ ነው የሚጎብጠው፣ ከፍተኛው ቦታም ከመሀል ወደ B የሄደ ነው። 3 ሜትርን እንደ ደንብ አትያዘው።

---

ናቲ_ስትራክቸር · ረቡዕ ቀን 10:20

ገባኝ ጋሼ። ግን ዛሬ ሁሉም በሶፍትዌር በሚሠራበት ጊዜ ይሄን በእጅ መሥራት እስከምን ድረስ ይጠቅማል? ለፈተና ካልሆነ በቀር እኔ ለምን እንደሚያስፈልግ አሁንም አልተዋጠልኝም።

---

ጋሽ ምሶሶ · ረቡዕ ማታ 1:00

ትናንት ማታ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ያልከው አንተ ነህ። የሚያረጋግጥልህ ነገር ስላልነበረ ነው። እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፤ ሌላው ሌላ ሊያስብ ይችላል።

---

ሚዛን · ረቡዕ ማታ 2:45

ጋሼ፣ ነገ ከመግባቴ በፊት አንድ ብቻ ራሴ ፈጥሬ ሠራሁ። የጫፉን 15 አነሳሁና BC ላይ በሜትር 6 ኪሎኒውተን ዘረጋሁ። መሀሉን ባዶ ተውኩት። ልክ መሆኑን ይዩልኝ።

B ላይ ሞመንቱ 6 በ 2 በ 1፣ 12 ኔጌቲቭ። A እና B መሀል ትሪያንግል፣ ስፋቱ 36 ኔጌቲቭ። ከ A 4 ሜትር፣ 144 ኔጌቲቭ። A ከታንጀንቱ በታች ነው፤ ስለዚህ ታንጀንቱ A ጋ 144 ከፍ ብሎ B ላይ ዜሮ ይደርሳል። ስሎፑ 24 ወደ ታች። C ላይ 48 ወደ ታች።

BC ላይ ፓራቦላ ነው። ሁለት ሦስተኛ በ 2 በ 12፣ 16። ሴንትሮይዱ መሀል 1 ሜትር። 16። ጠቅላላ 64/EI ወደ ታች።

---

ጋሽ ምሶሶ · ረቡዕ ማታ 3:10

የ A እና B በኩል እንከን የለውም። አቅጣጫውንም ያለ ማንም እርዳታ አወጣሽው። የ BC ፓራቦላ ላይ ግን ቆም በይ።

መሀል ላይ የነበረው ፓራቦላ ጉብ ያለ ነው። ሁለት ጫፉ ዜሮ፣ መሀሉ ከፍ ያለ። እሱ ነው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው። የ BC ግን ሌላ ነው። C ላይ ዜሮ ነው፤ C ላይ ሺሩም ዜሮ ነው። ስለዚህ ሞመንቱ ከ C ሲነሳ ቀስ ብሎ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ነው የሚነሳው። B ሲደርስ ነው ቀጥ ብሎ የሚወጣው። ሆዱ ጎድጓዳ ነው። ስለዚህ ስፋቱ ሙሉው ሬክታንግል ካለው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ 8። ሴንትሮይዱም ወፍራሙን ጎን ይጠጋል፣ ከ C ሦስት አራተኛ፣ 1.5 ሜትር ላይ።

```
8 · 1.5 = 12
y_C = −48 − 12 = −60/EI
```

ለማስታወስ ከፈለግሽ ሺር ዜሮ የሆነበትን ጫፍ ፈልጊ። ሺር ዜሮ በሆነበት ቦታ ሞመንቱ አግዳሚ ነው። አግዳሚው ቦታ መሀል ላይ ካለ ጉብታ ነው፤ ዳር ላይ፣ ዜሮው ጫፍ ጋ ካለ ጎድጓዳ ነው።

---

ሚዛን · ረቡዕ ማታ 3:22

አየሁት። ስዕሉን ሳልስለው በቀጥታ ፎርሙላ ነው የጻፍኩት። አሁን ሳልኩት፤ ከ C ሲነሳ በእርግጥ ተኝቶ ነው የሚነሳው። 60። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

---

የሳይት ሰው · ሐሙስ ጠዋት 2:15

ዛሬ ጠዋት አየሁት። በረንዳው ከክፍሉ በሚገናኝበት በላይ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ፑንቴሎው ትናንት ማታ ተመልሷል። መሐንዲሱን ጠርቼዋለሁ፤ ፌሮው የት እንዳለ ለማየት ትንሽ እንፈልፍል ብሏል። ያገኘነውን እጽፋለሁ።